አራተኛው እጥፋት

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ትንሿ ደግሞ አለመርሳቱ ብቻ አልበቃትም። ቂሟን በየማለዳው አውጥታ ታየዋለች፣ አለመበላሸቱን ታረጋግጣለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ካደረገ በኋላ እንኳ "ትንሿ" የሚሏት የሁለት እህትማማቾች ታናሽ ስለሆነች ነው። በቂም ከሆነ ግን በቤቱ ውስጥ የሚስተካከላት አልነበረም።

የአባቷ ዳቦ ቤት ስሙ የሚጠራው በክሩዋሳን፣ በዚያ በፈረንሳዮች ጥቅል ዳቦ ነው። ላዩ ገና ሲነኩት የሚሰባበር፣ ሲቆርጡት ውስጡ የንብ ቀፎ የሚመስል። ሚስጥሩ ሊጥና ቅቤ በስሱ ተደራርበው፣ ሳይቀላቀሉ፣ እንደ ጨዋ ጎረቤት ድንበራቸውን ጠብቀው መቀመጣቸው ነው። ምድጃ ሲገባ በቅቤው ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ይሆንና እያንዳንዷን የሊጥ ንጣፍ ወደ ላይ ይገፋታል። ድንበሩ ከፈረሰ ግን የሚወጣው ቅቤ የጠጣ ዳቦ ነው። ይህን ሁሉ ከአባቷ እጅ የተማረችው ትንሿ ነበረች።

ከዚያ የታላቅ እህቷ ባል መጣ። ሥራ አልነበረውም፣ ምላስ ግን ነበረው። "አባባ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ እንጂ!" እያለ፣ "እህት ዓለም፣ እጅሽ ይባረክ!" እያለ ገባ። እሷም ጋሼ ብላ አክብራ፣ የሊጥ መዳመጫ አያያዝ ሳይቀር አስተማረችው። ሠራተኞቹ ከኋላው "አፈ ቅቤ" ይሉታል። ተከታዩን፣ "ልበ ጩቤ" የሚለውን፣ ለደሞዛቸው ሲሉ ይውጡታል።

ጩቤውን የቀመሰችው እሷ ናት። የአንድ ትልቅ ሆቴል ሰዎች ሊቀምሱ በመጡ ቀን፣ ጠቅልላ ያዘጋጀችው ክሩዋሳን ኩፍ እንዲል ማሞቂያው ሣጥን ውስጥ ነበር። ሣጥኑ ለብ ከማለት ማለፍ የለበትም፣ ካለፈ ቅቤው ይቀልጣል። ሽርጥ ልትቀይር ወጣ ብላ ስትመለስ የሙቀቱ ማዞሪያ ጥግ ድረስ ተጠምዝዟል፣ ቅቤው ትሪው ላይ ኩሬ ሠርቷል፣ አፈ ቅቤ ደግሞ በሩ ጋ ቆሞ እጁን ይጠርጋል። ምስክር አልነበራትም። እሱ ግን ለአባትየው፣ "አይፍረዱባት አባባ፣ ሐሳብ በዝቶባት ረስታው ነው" ብሎ ጠበቃ መስሎ ቀበራት። "እኔ አይደለሁም" ብትልም ማን ሰማት? ከሊጥ ጠረጴዛው ተነስታ ትሪ አጣቢ ሆነች። እህቷም ባሏን አመነች።

ዓመታት ሄዱ። አፈ ቅቤ የሥራ ክፍሉ አለቃ ተባለ፤ እጁ ግን ሊጥ መንካት ትቶ ሠራተኛ ማዘዝ ብቻ ለመደ። አባትየው እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሁሉንም ሰበሰቡና እንዲህ አሉ፦

"ይህን ክፍል ለእጅ እንጂ ለአፍ አላወርስም። አንተም ትሠራለህ፣ ትንሿም ትሠራለች። የሁለታችሁንም ክሩዋሳን ቆርጬ አያለሁ።"

አፈ ቅቤ በዚያው ዕለት ለሠራተኞቹ፣ "ጠረጴዛው የእኔ በሆነ ማግስት ትንሿ ቤቷ ገብታ ታርፋለች" ብሎ አወራ። ወሬው ትሪ ማጠቢያው ድረስ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በዚህ ዓለም ላይ ያላት ያ ክፍል ብቻ ነው። ቢሸነፍ ያንሰዋል፣ መዋረድ አለበት ብላ ቆረጠች። ሰውየው የረሳውን መጠየቁ አይቀርም፣ ሲጠይቃት የምትነግረውን ውሸት አዘጋጅታ ጠበቀችው።

የፈተናው ቀን ሁለቱም ያገኙት አንድ ዓይነት ሊጥ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ፣ ከአንድ ቡኮ የተከፈለ። ቅቤውም ከአንድ ካርቶን ነው። አባትየው ከውጭ ሆነው እስኪጠሯቸው ይጠብቃሉ። አፈ ቅቤ ሊጡን አየው፣ መዳመጫውን አየው፣ ከዚያ እንደ ጠበቀችው ወደ እሷ ዞረ።

"እህት ዓለም፣ ሊጡን እንዲህ እንደቀዘቀዘ ልዳምጠው ወይስ ትንሽ ይሙቅ?"

ውሸቱ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ሙያ የሚሉት ነገር ጉድ ነው፤ ስለ ሊጥ ሲጠየቅ አፍ ከልብ ቀድሞ ይመልሳል።

"እንደቀዘቀዘ ነው ጋሼ። ሊጥ ከሞቀ ቅቤውን አይሸከምልህም።"

በራሷ ተናደደች። እሱ ግን በአንድ በኩል ከንፈሩ ፈገግ አለና "እሺ" ብሎ፣ ሊጡን ወስዶ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣ ጀመር።

መጀመሪያ ያልሰማት መሰላት። ከዚያ ገባት። ሰውየው በእሷ ቦታ ቢሆን እሱ ራሱ የሚዋሸውን ውሸት ከእሷ እየጠበቀ ነው፤ የምትነግረውን ሁሉ ገልብጦ ሊሠራ ነው። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል! ስንት ቀን እንቅልፍ አጥታ የፈተለችውን ውሸት እዚያው ጣለችው። ይህን ሰው ለማጥፋት እውነቱን መንገር ይበቃል። ሳቋን የምትደብቅበት ስታጣ ዱቄት ልታመጣ ወጣች።

ተመልሳ የራሷን ቅቤ ያዘች። በሁለት ወረቀት መሐል አድርጋ በመዳመጫ ቀጠቀጠችው፣ አገላብጣ ቀጠቀጠችው። አውራ ጣቷን ስትጭነው ይሰረጎዳል እንጂ ጣቷ ላይ አይጣበቅም፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ስታንጠለጥለው ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ቴርሞሜትሩ አሥራ ሦስት ዲግሪ ገደማ አለ። ቅቤና ሊጥ አብረው እንዲለጠጡ ልስላሴያቸው መመሳሰል አለበት፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይመጣል።

"ቅቤውስ?" አለ አፈ ቅቤ ድንጋይ የሆነ ቅቤውን ይዞ።

"እንደ ደረቀ እንዳታስገባው። ቀጥቅጠህ አለስልሰው። እንደ ቀበቶ ሲተጣጠፍልህ ያኔ ደርሷል።"

"ለስልሶ እንዲፈስልኝ ነው?"

"እንዳይሰበርብህ ነው ጋሼ።" ዓይኑን እያየች ነው የተናገረችው።

ደግ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ "ኧረ እውነቴን ነው!" ብሎ ይምል ነበር። ትንሿ ደግነቷን ያኔ ከቀለጠው ቅቤ ጋር ከትሪው ላይ ጠርጋ ጥላዋለች። ሰውየው ድንጋዩን ቅቤ በሞቀው ሊጥ ጠቅልሎ መዳመጥ ሲጀምር አዳመጠች። ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ከሊጡ ሥር ቅቤው እንደ ወደቀ ሰሐን ይሰነጣጠቃል፤ ስባሪው ባለበት አብጦ ይታያል፣ በሌለበት ሊጥ ከሊጥ ይጣበቃል። በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ያሰኛት ድምፅ አልነበረም።

የራሷን ዳመጠች፣ በሦስት አጠፈች፣ ፍሪጅ ከተተች። ሊጡ ዘና እስኪል፣ ቅቤው ሳይደርቅ መልሶ ቀዝቀዝ እስኪል ጠበቀች። አወጣች፣ ሩብ ዙር አዞረች፣ እንደገና ዳምጣ አጠፈች። ሦስተኛውንም እንዲሁ። በጎን ስትቆርጠው የቅቤው መስመሮች ሳይቋረጡ ተደርድረዋል።

"ስንት ጊዜ ነበር የሚታጠፈው?" አለ እሱ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

"ሦስት። እዚያ ላይ አቁም። አራተኛ ከጨመርክ ንጣፉ ከልክ በላይ ይሳሳና ቅቤውና ሊጡ አንድ ይሆናሉ።"

"ሦስት ብቻ?" ሳቀ። "በጣም ታስቢልኛለሽ።"

"የእህቴ ባል አይደለህ?"

ሦስቱን አጥፎ የሷን ሊጥ በቆረጣ አየ፣ የራሱን አየ። አንድ አፍታ መዳመጫውን እንደማስቀመጥ አለ። ያን ጊዜ ቢያምናት ኖሮ ትንሿ የምታደርገውን አታውቅም ነበር። ቀና ብሎ ፊቷን አየና አራተኛውን አጠፈ።

ከሰዓት በኋላ፣ ኩፍ ብሎ፣ ተጋግሮ፣ ሁለቱ ትሪዎች ተደረደሩ። እህቷም ከሒሳብ መቀበያው መጣች፣ ሠራተኞቹም ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። አባትየው ባለ ጥርስ ቢላቸውን አንስተው የትንሿን ከመሐል ቆረጡ። ቅርፊቱ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ፣ ውስጡ ክፍት ክፍት ብሎ እንደ ቀፎ ታየ። የአፈ ቅቤን ሲያነሱ ግን ከሥሩ ቅቤ ተንጠባጠበ። ቆረጡት። ጥቅጥቅ ያለ ዳቦ፣ መሐሉ ላይ ያልበሰለ የሚመስል በቅባት የራሰ ሊጥ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"እሷ ናት!" አለ ሰውየው፣ ፊቱ ቀልቶ። "እሷ ናት ያሳሳተችኝ አባባ! ስጠይቃት…"

"ምን አለችህ?"

"ቅቤውን ቀጥቅጠህ አለስልስ አለችኝ።"

"ልክ ናት። ሌላስ?"

"ሊጡ ቀዝቃዛ ይሁን አለችኝ። ሦስት ጊዜ ብቻ እጠፍ፣ አራተኛ አትጨምር…" ድምፁ እየወረደ ሄደ። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ይህን ሁሉ ነግራህ ነው እንዲህ የሠራኸው? ለምን?"

"እውነቷን መሆኑን በምን አውቃለሁ?" ጮኸ። "እንደዚያ ተደርጎባት እውነት የሚናገር ሰው ማን ነው? እኔ ብሆን አልናገርም!"

አባትየው ቢላቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

"ምን ተደርጎባት?"

አፈ ቅቤ አፉን ከፈተ። ያ ስንቱን ያሳመነ አፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው አጣ። መልሱን የሰጠችው እህቷ ናት፤ ባሏን ሳይሆን ማሞቂያውን ሣጥን እያየች፣ "አንተ ነህ ያዞርከው" አለች። ጥያቄ አልነበረም።

አባትየው ወደ ትንሿ ዞሩ። "ለምን አልነገርሽኝም ልጄ?"

"ነግሬህ ነበር አባባ። አንተ እሱን መረጥክ።"

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። አላዘነችላቸውም። ድርሻቸው ነው ብላ ተወችላቸው። ቀና ብለው፣ "ጠረጴዛው ያንቺ ነው" አሉ። "እሱንስ ምን ላድርገው?"

"ይውጣ።"

"ትንሿ…" አለች እህቷ። ተጠጋቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ገልብጦ እንደሚሠራ አውቀሽ ነው እውነቱን የነገርሽው?"

"አውቄ ነው።"

"አንድ ጊዜ እንኳ ልታስጥዪው አላሰብሽም?"

"ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ እቴ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?"

እህቷ ወደ ባሏ ዞረች። ባሏ ሽርጡን ፈትቶ፣ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት፣ በእጁ ይዞት ቆሞ ነበር። ትንሿ ከትሪው ላይ የእሱን ክሩዋሳን አነሳች፣ ፊት ለፊቱ ቆመችና ገመጠች። ይከብዳል፣ ላንቃ ላይ ይጣበቃል፣ ውስጡ ሊጥ ሊጥ ይላል። ለደንበኛ ቢቀርብ አንድ ጉርሻ ቀምሶ ይተወው ነበር። እሷ ግን ቀስ እያለች፣ እሱ እያያት፣ ጨርሳ በላችው።