አርባ ሳንቲሜትር

የሁሪያን አረንጓዴ ጨርቅ ለመቁረጥ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ስለካው ሁለት ሜትር ከስልሳ ሆነ። መዝገቡ ላይ ግን በራሴ እጅ ሦስት ሜትር ብዬ ጽፌያለሁ።

የልጇ ኒካሕ ከነገ ወዲያ ነው። እሷም ከመርሳ ገበያ መጥታ ፊቴ ቆማለች።

«የቀሚሱ እጅጌ ይቀራል ማለት ነው?» አለች።

ደሜ ፈላ። በሱቄ እያንዳንዱ ትዕዛዝ የራሱ ቁጥርና ፌስታል አለው፤ ጨርቁ፣ ክሩና ቁልፉ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። የሁሪያን፣ የ43 ቁጥርን ፌስታል ዘረገፍኩት። ወርቃማ ክር፣ ልክ ነው። ስድስት ወርቃማ ቁልፍ፣ ልክ ነው። የጎደለው ጨርቁ ብቻ ነው። ፌስታሎቹን የምንነካ ደግሞ እኔና ሠራተኛዬ ደጀን ብቻ ነን።

«ቦርሳህን ክፈት» አልኩት።

ደጀን ከስፌት መኪናው ቀና አለ። አራት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። ቦርሳውን ገለበጠው፤ የምሳ ዕቃና ሹራብ ወደቁ።

«ትናንት ወስዶት ይሆናላ!» አለች ሁሪያ። «ከሌባ ጋር ነው እንዴ የምትሠራው?» ብላ ወደ መናኸሪያው ሄደች። እኔም ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ «0.40 ጎድሏል፣ ደጀን» ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። አፈር ልብላ!

ደጀን ጽሑፉን አየው። ከዚያ ጣቱን ወደ ላይኛው መስመር ወሰደ።

«ጋሼ፣ 41 ቁጥርም አረንጓዴ ነው፤ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ። ሁለት ሜትር ከስልሳ ብለው ጽፈዋል። ይለኩት።»

ለካሁት። ሦስት ሜትር!

ትናንት ቀትር ላይ አንዲት ደንበኛ ቀለሙን በፀሐይ ልየው ስትል ሁለቱንም ጨርቅ ደጅ አውጥቼ ነበር። ክሩና ቁልፉ በየፌስታላቸው ቀርተዋል። ስመልስ አልለካሁም፤ አቀያየርኳቸው።

«ወላሂ ተሳሳትኩ፣ ደጀን። እሰርዘዋለሁ።»

«መዝገቡ ላይ ይሰርዙታል። እትዬ ሁሪያ ጋርስ?»

መዝገቡን ታቅፌ ሮጥኩ። በመርሳ የሚያልፈው የወልድያ መኪና ሞተሩን አስነስቷል። በሩን ይዤ ዘልዬ ገባሁ። ሁሪያ ከጎኗ ለተቀመጡት ሴቶች እያወራች ነበር፤ ስለ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩት።

«ሁሪያ! ጨርቅሽ አለ፣ ሦስት ሜትር ሙሉ። ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። ልጁ ሌባ አይደለም!» አልኩ፤ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪሰማ። አፈርኩ፤ ግን ደገምኩት።

ላቤን እየጠረግኩ ተመለስኩ። ሁለቱ ጨርቆች በየፌስታላቸው ገብተው፣ ቁጥራቸው በመርፌ ተሰክቶባቸው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። የደጀን ቦርሳ የለም፤ የራሱ መቀስም ከሚሰቀልበት ምስማር ላይ የለም።