ፊሽካው ዝም ሲል

ቀኝ ክንዷ ላይ ከክርኗ እስከ አንጓዋ የሚወርድ ጠባሳ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት እንፋሎቱ ሳይወጣ የፕሬዠር ድስት ክዳን በጉልበት ስትከፍት ያገኘችው ነው። ከዚያ ወዲህ ድስቱ ከቁም ሳጥን አናት አልወረደም። አማቷ ባዩት ቁጥር "እሱ እኮ ዕቃ አይደለም፣ ፈንጂ ነው" ይላሉ።

እሷና አማቷ አንድ ሕንፃ በሚሠራበት ግቢ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ቤት፣ ለአሥራ አራት ሠራተኞች ምሳ ያበስላሉ። ቦሎቄው በተራ ድስት ሦስት ሰዓት ፈጅቶም ከጥርስ ይጣላል። ሥጋው ደግሞ ጅማታም ነው። አንዱ ግንበኛ አላምጦ አላምጦ ቢያቅተው "እትዬ፣ ይሄን የማን ጫማ ላይ አገኛችሁት?" ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀባት። የሠራተኞቹ አለቃ ፎርማኑ ግን አልሳቀም።

"ከሰኞ ጀምሮ ስድስት ሰዓት ላይ የበሰለ ምሳ ካላገኘሁ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ" አላት።

በማግሥቱ ድስቱን አውርዳ ወደ አንድ ዕቃ ጠጋኝ ሄደች።

ጠጋኙ የደረቀውን የክዳን ጎማ አውጥቶ በአዲስ ተካው። ክዳኑን ወደ ብርሃን አንስቶ እንፋሎት የሚያስተነፍሰው ፊሽካ የሚቀመጥበትን ቀዳዳ አሳያት።

"ሁልጊዜ እንዲህ አድርገሽ እዪ። ብርሃን ካልታየሽ እሳት ላይ አትጣጂው። ቦሎቄ አረፋ ስለሚያወጣ ከግማሽ አታሳልፊ፣ ሥጋ ቢሆን እስከ ሁለት ሦስተኛው ይሁን። ውኃ አትንፈጊው። ፊሽካው ሲጮኽ እሳቱን ቀንሺና ሰዓት መቁጠር ጀምሪ። የተዘፈዘፈ ቦሎቄ ሩብ ሰዓት ገደማ፣ ያልተዘፈዘፈ ሠላሳ አምስት፣ አርባ ደቂቃ። እንዲህ ያለ ሥጋ ቆራርጠሽው አርባ ደቂቃ ይበቃዋል።"

"መክፈቻውስ?" አለች፣ ሳታውቀው ክንዷን እያሻሸች።

"እሳቱን አጥፍተሽ ተዪው። ይህቺ ክዳኑ ላይ ያለች፣ እንፋሎት ሲሞላ የምትነሳ ፒን ራሷ እስክትወርድ ድረስ አትንኪው። ክዳኑ እምቢ ካለሽ፣ ገና ነኝ ማለቱ ነው።"

ሰኞ ጠዋት ሥጋውን ጣደችና ክዳኑን ቆለፈች። አማቷ በር ላይ ቆመው ያማትባሉ። ድስቱ አርባ ደቂቃ ጮኾ እሳቱ ጠፋ፤ ፒኗ በሃያ ደቂቃ ወረደች። ክዳኑን ከፊቷ አዙራ ስትከፍት ሥጋው በማንኪያ ተላቀቀ።

"እማማ፣ ቅመሱልኝ!"

አማቷ ቀመሱና ማንኪያውን ለሁለተኛ ጊዜ ነከሩ።

ሥጋውን ወደ ሌላ ድስት ገልብጣ ማታ የተዘፈዘፈውን ቦሎቄ ጣደች፤ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨመረች፣ ከግማሽ በታች ሞላች። ውኃ ልትቀዳ ወጣ ስትል አማቷ ሁለት ኤሌክትሪሻኖች ለምሳ እንደሚጨመሩ ሰምተው ኖሮ፣ ክዳኑ ገና ስላልተዘጋ የቀረውን ቦሎቄ ሁሉ ጨምረው ውኃ ሞሉበት። እሷ ተመልሳ ውስጡን ሳታይ ዘጋችው።

ፊሽካው አምስት ደቂቃ ያህል ጮኸ። ከዚያ ቀጥ አለ።

እሳቱ እየነደደ እንፋሎት የለም። ሮጣ የጋዙን ሲሊንደር ዘጋች።

"እማማ፣ ይውጡ! ሁላችንም እንውጣ!"

ፎርማኑ ሰዓቱን እያየ መጣ። "ስድስት ሊሆን ነው። ምን እየጠበቃችሁ ነው?"

"ቀዳዳው ተደፍኗል። እስኪቀዘቅዝ ማንም አይገባም።"

"ፊሽካውን ነቅለሽ እንፋሎቱን ልቀቂዋ!"

"አልነቅልም።"

"እንግዲያው እኔ እከፍተዋለሁ" ብሎ ወደ በሩ ሲራመድ አማቷ ክንዳቸውን ዘርግተው በሩን ዘጉት። የምራታቸውን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስበው ጠባሳውን አሳዩት።

"ይሄ የችኮላ ነው። የኔ ልጅ፣ ዛሬ ቸኩለን አንደግመውም። አንተም ተቀመጥ። ቦሎቄውን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ከተቆጣህ እኔን ተቆጣ።"

ፎርማኑ ጠባሳውን አየ፣ እሳቸውን አየ፤ ሄዶ ጡብ ላይ ተቀመጠ።

አርባ አምስት ደቂቃ ጠበቁ። ከዚያ እሷ ብቻ ገባች። የድስቱ ጎን ለብ ብሏል፣ ፒኗ ወርዳለች። ፊሽካውን በረጅም ማንኪያ ገፋ አደረገችው፤ ምንም አልተነፈሰም። ክዳኑ ሳይታገላት ዞረ። ቀዳዳው ውስጥ የቦሎቄ ልጣጭ ተጣብቋል። በቀጭን ሽቦ ገፍታ አወጣችው፣ አጠበችው፣ ወደ ብርሃን ይዛ አየችበት።

ቦሎቄው ገና ጥርስ ይይዛል። ግማሹን ቀንሳ በሌላው ላይ ክዳኑን ድጋሚ ዘጋችና እሳቱን ለኮሰች። ስምንት ደቂቃ ጮኸ፤ ጠፋ፤ ፒኗ እስክትወርድ ተጠበቀ። የቀረውም በተራው እንዲሁ በሰለ።

ምሳው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቀረበ። ፎርማኑ ቦሎቄውን በሹካው ጫፍ ጨፈለቀው፣ ሥጋውን ቀመሰ፣ ሁለተኛ ሳህን ጠየቀ።

"ዘግይቷል" አለ።

"ነገ በሰዓቱ ይደርሳል" አለችው።

አማቷ ክዳኑን አጥበው ሲጨርሱ ጎማውን በጨርቅ እያደረቁ "ቆይ፣ ቦሎቄ የሚሞላው ከግማሽ በታች ነው ያልሽው? እስኪ የት ድረስ እንደሆነ በጣትሽ አሳዪኝ" አሏት።