ወደ ግራ የዞረው ሳምንት

ጭራሮ የሚሏት ልጅ አሰልጣኙን ለመናቅ ሩብ ሰዓት እንኳን አልፈጀባትም። ሰውዬው መፍተያው ክፍል ሲገባ እንዝርቱን ዘቅዝቆ ነበር የያዘው። እንዝርት እኮ ሌላ ተአምር የለውም፤ አንድ ቀጭን እንጨት፣ ከታቹ ማክበጃ የሚሆን ክብ እንጨት፣ ከላዩ ክሩን የሚይዝ ትንሽ መንጠቆ። በቃ። ይህንን ገልብጦ ይዞ፣ «እህቶቼ፣ በዚህ ሳምንት ታሪክ እንሠራለን!» አለ።

እሷም «ማይክ» አለችው። ዘጠኝ ልጅ ፊት ቆሞ ስታዲየም የሞላ ሕዝብ የሚሰማው ይመስል ስለሚጮህ ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ስሙ ክፍሉን አዳርሶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካ ይሉታል እንጂ አንድ አዳራሽና ሁለት ጠባብ ክፍል ያለው ብርድ ልብስ መሸመኛ ነው። የጭራሮ አክስት እዚያ የበግ ጠጉር ስትፈትል ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። አሁን የእጅ አንጓዋ እምቢ አላት፤ ማንኪያ ስታነሳ እንኳን ፊቷ ይጨማደዳል። መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበሯ ባዶ ቀረች። ለዚያች አንዲት ወንበር ዘጠኝ ልጆች መጡ። ሳምንት ይሠለጥናሉ፣ አርብ ሸማኔው ክራቸውን ያያል፣ አንዷ ትቀራለች፣ ስምንቷ ወደየቤቷ።

ጭራሮ ግን ከወደቀች ወደ ቤቷ አይደለም የምትሄደው። ወንድሟ ቁርጡን ነግሯታል፦ «ትምህርት ጨርሰሻል። ሥራ ካላገኘሽ እኔ ጋ መጥተሽ መንትዮቹን ትይዣለሽ።» መንትዮቹን ትወዳቸዋለች፣ ይሄ አያከራክርም። ግን አንዱ ሲተኛ ሌላው የሚነቃ ጉዶች ናቸው፤ የወንድሟ ሚስት ደግሞ ሰው የምትጠራው በስም ሳይሆን በጣት ነው። እዚያ ቤት በጥቁር ፀጉር የገባ በሽበት ነው የሚወጣው።

ለዚህ ሁሉ ዕጣ ፈንታ የተሾመው እንግዲህ ማይክ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ሚስት ወንድም ነው፤ ሌላ ሙያውን የሚያውቅ የለም። የሆነ ቦታ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ወረቀት ተሰጥቶታል፤ ወረቀቱን በላስቲክ አስለብጦ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ይሄኛው ሁለቱንም በአንድ ላይ ነበር።

«ዋናው ነገር ማክረር ነው!» ይላል ፊት ለፊታቸው ተገትሮ። «የከረረ ክር ብረት ነው! እዩኝ፣ እንደኔ! ወደዚህ! አዙሩ!» እንዝርቱን በጣቶቹ ሽው አድርጎ ያሽከረክርና ስልኩን ወዳቆመበት ጥግ ፈገግ ይላል፤ ራሱን ይቀርጻል መቼም። ልጆቹ እጁን እያዩ ያዞራሉ። የማንም እንዝርት ወዴት እንደሚዞር ግን አንዴም ዝቅ ብሎ አላየም።

አድናቂ ግን አላጣም። «አንደኛ» የምትባል ልጅ አለች፤ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንደኛ ወጥታለች፣ ካልጠየቅሃት ራሷ ትነግርሃለች። ማይክ ሲያስነጥስ እንኳን የምትጽፍ ዓይነት ናት። ሰኞ ማምሻውን እንዝርቷ በክር ሆዱ ተነፍቶ ነበር። የጭራሮ ክር ግን እንቁራሪት የዋጠ እባብ ነው የሚመስለው፤ እዚህ ፀጉር ያህል ቀጥኖ፣ እዚያ አውራ ጣት ያህል አብጦ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ተበጥሶ።

«ይሄ ክር ነው ወይስ ቋሊማ?» አለቻት አንደኛ።

«ለቁርስሽ ነው» አለች ጭራሮ።

ቤት ስትገባ አክስቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራለች።

«አሳዪኝ እስቲ።» አየችው። ዓይኗን ጨፈነች። «ወይ ጉዴ! በጉ ይህን ቢያይ ጠጉሬን መልሱልኝ ይል ነበር።»

«አክስቴ ደግሞ!»

«ነይ ጎኔ ተቀመጪ። እንዝርቱ እየተንጠለጠለ እየዞረ አንቺ ደግሞ ጠጉር እየሳብሽ፣ ሁለት ነገር ባንዴ፣ ማን አስቸኮለሽ? መጀመሪያ አዙሪው፤ ክሩ ሲከር ይታወቅሻል። ከዚያ እንዝርቱን ጉልበትሽ መሃል ቆንጥጠሽ አቁሚው። ቆመ? ወደ ኋላም አይዞርብሽም። አሁን ያከረርሽው ተቀምጦልሻል፣ ተረጋግተሽ ሳቢ።»

ጭራሮ ሳበች። ጠጉሩ ንቅንቅ አላለም። ይበልጥ ጎተተች፤ እምቢ።

«እጆችሽን አራርቂያቸዋ! የአንዷ ጠጉር ርዝመት የጣት ያህል ነው። እጆችሽ ከዚያ ከተቀራረቡ ያችኑ አንዷን ጠጉር በሁለት ጫፏ ይዘሽ ነው የምትጓተቺ፤ ከራስሽ ጋር ገመድ ጉተታ! ራቅ አድርጊና ቀስ በይ።»

ራቅ አደረገች። ጠጉሩ እንደ ደመና ተንሸራተተ፣ ሳስቶ ወረደ።

«የታችኛዋ እጅሽ ዘበኛ ናት። በሩን ይዛ ትቆማለች። እስክታሳሺው ድረስ ክረቱን፣ ያከረርሽውን ማለቴ ነው፣ አታሳልፍም፤ ሲሳሳ ትለቃለች። ዘበኛዋ ካንቀላፋች ክረቱ ሽቅብ ሮጦ ያልተሳበው ጠጉር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያማ በጥርስሽም አትስቢው።»

«ያበጠውስ?»

«ክረት ቀጭን ይወዳል። ቀጭኑ ላይ ተሰብስቦ ድንጋይ ያደርገዋል፤ ወፍራሙን አይነካውም። ያበጠውን ከግራ ከቀኙ ይዘሽ ትንሽ ፍቺውና ሳብ አድርጊው፣ ይስተካከላል። ደግሞ እየከረረ ያለ ሲመስልሽ ክሩን አላልተሽ ለሁለት እጠፊው። ተቃቅፎ በሥርዓት ከተገመደ ልኩ ነው። ካልተቃቀፈ ላልቷል። እንደ አሳማ ጭራ ከተቆለመመ አብዝተሽዋል።»

«ማይክ እኮ የከረረ ብረት ነው ይላል።»

«ብረት ለብሶ ይተኛ!» ከዚያ አክስቷ ድንገት ወደ እንዝርቱ ጎንበስ አለች። «ቆይ፤ ወዴት ነው የምታዞሪው?»

«እንደሱ። ወደዚህ።»

«ወደ ግራ?» እጇን ከውሃው አወጣች። «ሰውዬው ሲያሳያችሁ የት ነው የሚቆመው?»

«ፊት ለፊታችን።»

አክስቷ ሳቀች። አንጓዋን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። «የሱ ቀኝ የናንተ ግራ! መስታወት ገትረውላችሁ እናንተ ደግሞ እሱን ትከተላላችሁ! ልጄ፣ እዚያ ቤት ያለው ክር በሙሉ ወደ ቀኝ የተፈተለ ነው። ሸማኔው ያንቺን ክር ከቤቱ ክር ጋር ነው የሚገምደው። ሲገመድ ደግሞ በተፈተለበት ተቃራኒ ነው የሚዞረው፤ ያኔ ሁለቱም እኩል ላላ እያሉ ይተቃቀፋሉ። ያንቺ ወደ ግራ ከሆነማ የቤቱ ሲላላ ያንቺ ይብስ ይከራል። አልቀሽ!»

ጭራሮ የሰኞውን ቋሊማ ያለ አንድ የኀዘን ቃል ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ምቀኛ እንዳትባል፣ ክፍሉ ውስጥ በሁሉም ፊት ተናገረች። «አሰልጣኝ፣ እርስዎ ፊት ለፊት ስለቆሙ እኛ በግልባጩ ነው የምናዞረው። ወደ ግራ እየሄድን ነው።»

ማይክ እንዝርቱን ጥሎ ወደ ስልኩ ዞረ። «ቀኝ! ግራ! ስሙማ! ክር መንጃ ፈቃድ አለው እንዴ?» ልጆቹ ሳቁ። ደስ አለው፤ ደገመው። «ታጥፎ ነው ወይስ ቀጥ ብሎ ነው ቤትሽ የደረሰው?»

«መጀመሪያ ያንቺን ቋሊማ አስተካክይ» አለች አንደኛ፣ ከማስታወሻዋ ቀና ሳትል። «ለኛ አታስቢ።»

«እሺ» አለች ጭራሮ። «አላስብም።»

አላሰበችምም። ጀርባዋን ለማይክ ሰጥታ፣ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ወደ ቀኝ ፈተለች። ማሽከርከር፣ ጉልበት መሃል ማቆም፣ ዘበኛ፣ መሳብ፣ መልቀቅ፣ መጠቅለል። ሲበጠስባት ጫፉን አፍታታ አዲሱን ጠጉር ላዩ ላይ አስተኝታ ትቀጥላለች። ማይክ ባለፈ ቁጥር «የኛ ኤሊ!» ይላል። ኤሊዋ አንገቷን ቀብራ ቀጠለች። እንቁራሪቶቹ ረቡዕ ለት ቀነሱ፤ ሐሙስ ለት አንድ ሁለት ትናንሽ ብቻ ቀሩ።

አርብ ሸማኔው መጣ። ቃል የሚቆጥብ፣ ቅንድቡ የሚናገርለት ሽማግሌ ነው። ሽመናው ላይ ሲሆን ጣቱ ይበርራል፣ ሰው ሲያናግር ግን ዓይኑን ቀና አያደርግም።

«ይመልከቱልኝ ጋሼ፣ ብረት!» አለ ማይክ፣ የአንደኛን እንዝርት በሁለት እጁ አቅርቦ። በእውነት ሲያዩት ያምራል፤ ሙሉ፣ እኩል፣ ቀጭን።

ሸማኔው ከዚያ ክር ጫፍ፣ ከቤቱም ክር ጫፍ ይዞ ሁለቱን ይዞት በመጣው ትልቅ እንዝርት መንጠቆ ላይ አሰረ። ወደ ግራ አዞረው። መጀመሪያ ምንም አልታየም። ከዚያ የቤቱ ክር እየላላ፣ እየተነፋ፣ ጥጥ መስሎ ተንጠለጠለ። የአንደኛ ክር ደግሞ እየከረረ፣ እየተቆለመመ፣ እሳት እንደነካው ትል መጠቅለል ጀመረ። ደግሞ ትንሽ ዞረ። ጣ! ተበጠሰ። እንዝርቱ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«ዕቃው ነው!» አለ ማይክ። «እንዝርቱ ትክክል አይደለም!»

ሸማኔው የተንከባለለውን እንዝርት አነሳ። የሁለተኛዋን አየ፤ ያው። የሦስተኛዋን፤ ያው። ስምንቱም ያው። አንደኛ ፊቷ ኖራ መስሎ ነበር፤ በሕይወቷ መጀመሪያ ጊዜ ስምንተኛ መውጣቷ ነው።

የጭራሮን ያዘ። አዞረው። ሁለቱ ክሮች ጎን ለጎን ወረዱ፣ ተቃቀፉ፣ ተንጠልጥለው ዝም አሉ። አልተቆለመሙም። አጥፎ አየው፤ ጸጥ ያለ ነው። ትንሽ ያበጠች ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«እዚህ ምን ዋጠ?»

«እንቁራሪት» አለች፣ ሳታስበው።

ቅንድቡ ተነሳ። «አክስትሽ እንደምትለው ዘበኛሽ አንቀላፍታለች። የሷ ተማሪ መሆንሽ ግን ያስታውቃል፤ በክርሽ ሳይሆን በመስማትሽ።» በአገጩ መስኮቱ ሥር ያለችውን ወንበር አሳያት። «ሰኞ ጠዋት።»

ጭራሮ እዚያው ልትዘል ነበር፤ ራሷን ያዘች። የመንትዮቹ አክስት ሆና ቀረች፣ ሞግዚታቸው አይደለችም፤ ወንድሟ ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል አስባ ውስጧ ሳቀ።

«የነዚህስ ክር?» አለ ማይክ፣ ድምፁ ሳምንቱን ሙሉ ተሰምቶ በማያውቅ መጠን አንሶ። «አንድ ሳምንት ሙሉ ነው እኮ ጋሼ።»

«እርስ በርሱ ይገመዳል፣ ወደ ቀኝ። ለከረጢት ማሰሪያ ይሆናል።» ሸማኔው የስምንቱን ክር እቅፍ አድርጎ ጭራሮ ፊት ዘረገፈው። «ሥራሽን ከዚህ ጀምሪ፤ ዛሬ ለልምድ። አንተ ደግሞ እጅህን ዘርጋ።»

«እኔ?»

«ክሩን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋታል። እጅ ዘርግቶ መቆም ወረቀት አይጠይቅም።»

ማይክ ሁለት እጁን ዘረጋ። ክሩ ተጠመጠመበት። እጁ ታስሮ ማወናጨፍ ሲያቅተው አፉም አብሮ ተዘጋ፤ ለካስ የሚናገረው በእጁ ኖሯል። ስልኩ ጥጉ ላይ እንደቆመ መቅረጹን ቀጥሏል።

ጭራሮ ወንበሯን አዙራ ጎኑ ተቀመጠች፤ ፊት ለፊቱ ሳይሆን ጎኑ።

«ከፍ ያድርጉልኝ እስቲ አሰልጣኝ» አለችው። «ክሩ ይላላብኛል።»