አንቀጽ ሰባት እና ሁለቱ በሮች

ፊደል መቁጠር የጀመርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሳብ በዛብኝ። የመድኃኒት ወረቀት ካነበብኩ እንቅልፍ ባይኔ አይዞርም። ስለዚህ ለልጄ ጓሮ ውስጥ አንድ ክፍልና ሽንት ቤት ላሠራላት ስነሳ፣ ግንበኛውን "ውል እንጻፍ" አልኩት።

"እትዬ፣ ከእኔ ጋር?" አለ ደረቱን እየመታ። "ቃሌ አይበቃም?"

"ቃልህንማ ሰማሁት። አሁን ማንበብ አምሮኝ ነው።"

የልጄ እግሮች አልታዘዝ ካሏት አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የቤታችን በሮች ጠባብ ስለሆኑ እየተሸከምን እናስገባታለን። በሃያ ስምንት ዓመቷ፣ "እማዬ፣ ሽንት ቤት ለመግባት ኮሚቴ መሰብሰብ ሰለቸኝ" አለችኝ። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ያለ ማንም እጅ ገብታ ትውጣ።

ውሉን በጎልማሶች ትምህርት ክፍል ውስጥ ሦስት ሙሉ ከሰዓት በኋላዎች ፈጅቼ ጻፍኩት። መምህራችን ያላሰብኩትን ጠየቀችኝ። አሠሪዋ ማን ናት? ሠሪው ማን ነው? አድራሻቸውስ? ምን ይሠራል፣ በየትኛው ፕላን? ዕቃውን ማን ያቀርባል፣ ምን ዓይነት? መቼ ተጀምሮ መቼ ያልቃል፣ ቢዘገይስ? ክፍያው መሠረቱ፣ ግድግዳውና ጣሪያው ሲያልቅ እየታየ እንዲሆን፣ ጉድለት ቢወጣ ለአንድ ዓመት እንዲጠግን፣ ብንጣላ መጀመሪያ ሁለት ሽማግሌዎች እንዲያዩን ጻፍን። አንቀጽ ሰባት ደግሞ፣ "ማንኛውም ለውጥ ሥራው ከመሠራቱ በፊት በጽሑፍ ሆኖ ሁለታችን ካልፈረምንበት አይጸናም" ይላል። ሁለት ኮፒ፣ ሁለት ምስክር፣ በየገጹ ፊርማ።

ግንበኛው ሲፈርም፣ "እትዬ፣ ይህ ቤት ነው ወይስ አየር ማረፊያ?" አለ።

መሠረቱ ወጥቶ ግድግዳ ሲጀመር አንድ መኪና ብሎኬት መጣ። ሜትሬን ይዤ ወጣሁ። ውሉ የሚለው ውፍረቱ ባለ ሃያ ሳንቲ ሜትር፣ የመጣው ባለ አሥራ አምስት!

"ያው ነው፣ እትዬ። ልስን ሲገባው ማን ያየዋል?"

"ያው ከሆነ 'ቀጭኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ' ብለህ ጻፍና እንፈራረም። እስክሪብቶ ይኸው።"

እስክሪብቶውን ጊንጥ የሰጠሁት ይመስል አየው። ቀጥሎ መኪናውን አየ። "መልሰው!" ብሎ ሾፌሩ ላይ ጮኸ፤ ጥፋቱ የሾፌሩ ይመስል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቂም ያዘብኝ። መደርደሪያ ቢጨመር ስለው "በጽሑፍ!"፣ መስኮቱ ትንሽ ከፍ ቢል ስለው "በጽሑፍ!" ይለኛል። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት እንደሚፈጅብኝ ያውቃል። መደርደሪያውንም መስኮቱንም ተውኳቸው።

የበር መቃን በሚተከልበት ጠዋት የልጄ አዲስ ወንበር ደረሰ። ከአሮጌው ይሰፋል። ለካሁት፤ ሰባ ስድስት ሳንቲ ሜትር። በውሉ ላይ ያለው በር ሰማንያ። ልጄ ጎማውን በእጇ ነው የምትገፋው፤ ጣቶቿ በየት ያልፋሉ? እየሮጥኩ ጓሮ ገባሁ። ሲሚንቶው ተቦክቷል።

"ቁም! በሩ አንድ ሜትር ይሁን!"

ግንበኛው የሲሚንቶ ማንኪያውን አስቀምጦ ፈገግ አለ። ይህችን ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው። "አንቀጽ ሰባት፣ እትዬ።"

"ሲሚንቶው ይደርቃል!"

"እንግዲያው ፍጠኑ።"

ወረቀት ፍለጋ ብገባ ይመሽብኛል። ከሲሚንቶ ከረጢት ቀደድኩና ብሎኬት ላይ ተቀምጬ፣ "በሩ አንድ ሜትር ይሁን" ብዬ ጻፍኩ። ሰጠሁት።

አነበበ። ጢሙን አሻሸ። "ዋጋውስ? ቀኑስ?"

ተስማማንና የመቃኑን የዋጋ ልዩነትና ሁለት ተጨማሪ ቀን ጻፍኩ። አሁንም አልፈረመም።

"ደግሞ ምን ቀረህ፣ አንተ ክፉ?"

"እትዬ፣ በር ሁለት ነው። የትኛው?"

ሊያፌዝብኝ ብሎ ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን ክው አልኩ። የሽንት ቤቱ በር! በውሉ ላይ ሰባ ነው፤ ትዝም አላለኝ። አዲሱ ወንበር ሽንት ቤት በር ላይ ሲቆም፣ እኛም ተጠራርተን ልጄን ስናነሳ ታየኝ። "ሁለቱም" ብዬ ስጽፍ እሱም ገብቶት ፌዙን ተወ። ፈረመ፤ ፈረምኩ። ሁለት ኮፒ ስለሚያስፈልግ ከረጢቱን እንደገና ቀደድኩ። በዚህ ሁለታችንም ሳቅን።

ቤቱ ያለቀ ቀን ልጄ ወንበሯን እየገፋች ክፍሏን አቋረጠችና ሽንት ቤት ገባች። ጣቷ መቃኑን አልነካም። እኔና ግንበኛው እየተገፋፋን ተከተልናት። መዞሪያ ይበቃታል? እጀታው ይደርስላታል? አንገታችንን ስናሰግግ በሩ ፊታችን ላይ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያውም ቀጭ አለ።

"እማዬ፣ ኮሚቴው ፈርሷል!" አለች ከውስጥ። "ሂዱልኝ!"