የአራት ዳቦ ዕዳ

መንግሥት መጠጥና ሲጋራ መሸጥ ባገደበት በዚያ የኮሮና ሰሞን፣ የጆሃንስበርግ ሐበሻ አባቶች የሚሰክሩበት ነገር ቢያጡ በክፍልፋይ ሰከሩ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ የልጆቹ መልመጃ በዋትሳፕ ይመጣል። ቢሮ የለ፣ ፎርድስበርግ ሰፈር ወጥቶ ሥጋ መብላት የለ፤ ወንዶቻችን ከላይ ሸሚዝ ከታች ቁምጣ አድርገው በላፕቶፕ ስብሰባ ይገባሉ። ከስብሰባው ሲወጡ ፊት ለፊታቸው የሚያገኙት ልጆቹን ነው። ወየው ለልጆቹ!

የኔው ባል እንድርያስ መሐንዲስ ነው። መንገድ ይቀይሳል፤ ድልድይም ሠርቷል፤ ድልድዩ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ይህን አልክድበትም። ነገር ግን ልጃችን ዮአዳን ጥያቄ ይዛ ስትመጣ ከአፉ የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ይሄ እኮ ቀላል ነው!» አንድ ነገር ለከበደው ልጅ «ቀላል ነው» ማለት በሌላ አነጋገር «ደደብ ነሽ» ማለት መሆኑን ማን ይንገረው? እኔ ነግሬዋለሁ። ሰምቶ ያውቃል እንዴ?

ዮአዳን አምስተኛ ክፍል ናት። ድሮ ጥያቄው ሳያልቅ እጇ ይነሳ ነበር። ከርቀት መማር ከተጀመረ ወዲህ ግን ካሜራዋን አጥፍታ መቀመጥ ለመደች። መምህርቷ ሚስ ድላሚኒ ነገሩን አይታ ደወለችልኝ። «ዓርብ እያንዳንዱ ልጅ አንድ የሒሳብ ጥያቄ እንዴት እንደሠራ ለክፍሉ ያስረዳል። መልሱን አይደለም የምፈልገው፤ መንገዱን ነው። እባክሽ ማማ፣ ማንም እንዳይሠራላት» አለችኝ። ያን ቀን ማታ ልጄ ራት እየበላች፣ ልክ ስለ አየሩ እንደምታወራ ሁሉ፣ «ማሚ፣ እኔ እኮ የማትስ ሰው አይደለሁም» አለች። ሌላ ትምህርት ቢቀርባት ግድ አልነበረኝም፤ በዚህ ዕድሜዋ በራሷ ጭንቅላት ተስፋ ቆርጣ እንድታድግ ግን አልፈቅድም።

የደረሳት ጥያቄ ይሄ ነው፤ «አንድ ጋጋሪ 48 ዳቦ ጋገረ። ጠዋት ሲሶውን ሸጠ። ከሰዓት ደግሞ ከቀረው ላይ ሦስት ሩቡን ሸጠ። ስንት ዳቦ ተረፈው?»

ረቡዕ ከሰዓት እንድርያስ ስብሰባ ላይ ሳለ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አፌን ለመዝጋት ለራሴ ምዬ ነበር። «ዳቦዎቹን አሳዪኝ» ብቻ አልኳት። ትንሽ አሰበችና ከባዶ የኮርንፍሌክስ ካርቶን ላይ አንድ ረጅም ቁራጭ ቀደደች።

«ይሄ ሁሉም ዳቦ ነው። አርባ ስምንት።» ቁራጩን አጠፈችና ሦስት እኩል ቦታ አደረገችው። «ሲሶ ማለት ከሦስቱ አንዱ ነው። አርባ ስምንት ለሦስት ሲካፈል አሥራ ስድስት። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት አሥራ ስድስት ነው።» በየቤቱ ጻፈችበት። «ይሄኛው ጠዋት ተሸጠ።» አንዱን ቆርጣ ጣለችው። ሁለት ቤት ቀረ። «አሥራ ስድስትና አሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሁለት።»

ከዚያ ቆመች። ጥያቄውን ደግማ አነበበች። እኔ ምላሴን ነክሻለሁ።

«ሦስት ሩብ...» አለች፤ «ሦስት ሩብ፣ የምኑ?» ጣቷን «ከቀረው» የሚለው ቃል ላይ አሳረፈች። «የቀረው! የተጣለው እኮ አሁን አይመለከተንም!» በእጇ የቀረውን ቁራጭ ብቻ አራት ቦታ አጠፈችው። «ሠላሳ ሁለት ለአራት፣ ስምንት። ሦስቱ ተሸጡ፣ ሃያ አራት። አንዱ ቀረ። ስምንት ዳቦ!»

ከዚያ እኔ ሳልጠይቃት ወደ ኋላ ቆጠረች፤ አሥራ ስድስትና ሃያ አራት አርባ፣ ስምንት ሲጨመር አርባ ስምንት። የመልመጃ ወረቀቷ ላይ ቁራጩን ሣለችና ከሥሩ እርሳሱን ተጭና 8 ብላ ጻፈች። ከወራት በኋላ ጥርሷን አየሁት። እልል ማለት አምሮኝ ነበር።

እልልታዬ ሳይወጣ እንድርያስ ስልኩን ይዞ ከመኝታ ቤት ወጣ። «ዶክተር መልሱን ልከውታል» አለ።

ዶክተር ያለው ገብረሥላሴን ነው። ሐኪም እንዳይመስላችሁ፤ ዶክትሬቱ በግብርና ኢኮኖሚክስ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ልጁ ዮፍታሄ ከዮአዳን ጋር ይማራል። እዚያ ክፍል ልጅ ያላቸው የኛ ሰዎች ያቋቋሙት የዋትሳፕ ቡድን አለ፤ ሊቀመንበሩ እሱ ነው። ምርጫ የሚባል ነገር አልተደረገም። መልመጃው በመጣ ቁጥር ዶክተሩ በድምፅ መልስ ይልካል፤ አባቶች «እናመሰግናለን ዶክተር» ይላሉ፤ ልጆች ይገለብጣሉ። የቡድኑ ስም «መተጋገዝ» ነው።

የዚያን ቀን ድምፅ አብረን አዳመጥነው። «የተከበራችሁ ወላጆች፣ ክፍልፋይ ስንደምር የጋራ ታህት እንፈልጋለን። ሲሶ ማለት አራት አሥራ ሁለተኛ ነው። ሦስት ሩብ ዘጠኝ አሥራ ሁለተኛ። ድምሩ አሥራ ሦስት አሥራ ሁለተኛ። ይህን በአርባ ስምንት ስናባዛ ሃምሳ ሁለት እናገኛለን። አርባ ስምንት ሲቀነስ ሃምሳ ሁለት፣ ኔጌቲቭ አራት።» ጉሮሮውን ጠራረገ። «ይህም ማለት ጋጋሪው የአራት ዳቦ ዕዳ አለበት።»

ሳቅኩ። ባሌ አልሳቀም።

«እንድርያስ፣ ሰውዬው ካለው ዳቦ በላይ ሸጠ ነው የምትለኝ?»

«በቅድሚያ ትዕዛዝ ሊሆን ይችላል» አለኝ። ድልድይ የሠራ ሰው!

«ልጅቷ እኮ አግኝታዋለች። ስምንት ነው። አሳዪው ዮአዳን።»

ልጅቷ የካርቶኗን ቁራጭ አነሳች። አባቷ አላየውም፤ ስልኩን እያየ ነበር። «የኔ ቆንጆ፣ ይሄ የመዋዕለ ሕፃናት ሥራ ነው። አምስተኛ ክፍል በካርቶን አይሠራም» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ደግሞ የሺሃረግ፣ ኢንሹራንስ ቢሮ ፋይል ስታገላብጪ ውለሽ ከዶክተር ልትበልጪ ነው? ሌሎቹ ሁሉ ኔጌቲቭ አራት ጽፈው የኛ ልጅ ብቻ ለብቻዋ ትሳሳት?»

ላጲሱን አንስቶ ሰጣት። እኔ «አታጥፊው» አልኳት። እሱ «አጥፊው» አላት። በሁለታችን መካከል አንገቷን ሰብራ ስምንቷን በገዛ እጇ ፋቀችው። በላዩ እሱ ራሱ፣ በዚያ በመሐንዲስ ጽሑፉ፣ −4 ጻፈበት። ልጄ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ካርቶኗን እርሳስ መያዣዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ክፍሏ ሄደች። ያን ቀን ለባሌ ራት አላቀረብኩለትም፤ የአራት ዳቦ ዕዳ ያለበትን ሰውዬ ሄዶ ይጠይቅ።

ሐሙስ ደግሞ የባሰ መጣ። ዶክተሩ ውጤቱ ኔጌቲቭ መሆኑ ሲያድር ሳይከነክነው አልቀረም። ያገኘው መፍትሔ ግን ጥያቄውን ደግሞ ማንበብ ሳይሆን ጥያቄውን መክሰስ ነበር። «መልመጃው የአዘገጃጀት ጉድለት ያለበት ስለሆነ የሕፃናቱን ሥነ ልቡና እየጎዳ ነው» የሚል ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ ጻፈ። አባቶች ከነማዕረጋቸው ፈረሙ። የኔም ባል «ኢንጂነር» ብሎ ፈረመ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እነዚህ አብረው ጋጋሪ አሰሩ።

ዓርብ ጠዋት እንድርያስ ከላፕቶፑ ጀርባ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ካሜራው እሱን አያየውም፤ ዮአዳን ግን ታየዋለች። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በኛ ቋንቋ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ የተጠራው የዶክተሩ ልጅ ዮፍታሄ ነበር። «ኔጌቲቭ አራት» አለ።

ሚስ ድላሚኒ በትሕትና «እነዚህን አራት ዳቦዎች አሳየኝ እስቲ» አለችው።

«የሉም። ዕዳ ናቸው።»

«ለማን?»

ልጁ ወደ ጎን አየ። ከጎኑ ሹክሹክታ ተሰማ። «ለደንበኞች» አለ ዮፍታሄ።

ቀጥሎ ከቡድኑ አባቶች የአንዱ፣ የደመላሽ ልጅ ኪዳነምሕረት ተጠራች፤ እሷም ኔጌቲቭ አራት። ሚስ ድላሚኒ መነጽሯን አወለቀች። «ሁለት ልጅ አንድ ዓይነት ጎበዝ ሊሆን ይችላል። አንድ ዓይነት ዕዳ ውስጥ መግባት ግን ይገርማል። ዮአዳን፣ ያንቺስ?»

ካሜራዋ በራ። ባሌ አራት ጣቱን አነሳ፤ በሌላ እጁ አየሩ ላይ የመቀነስ ምልክት አሰመረ። የተከበረ መሐንዲስ፣ በቁምጣ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሆነ! ዮአዳን ጣቶቹን አየች። ወረቀቷን አየች።

ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችውና እርሳስ መያዣዋን ከፈተች።

«በካርቶን ነው የሠራሁት» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። «ይቻላል?»

«በጣም ይቻላል።»

አዲስ ቁራጭ አልቀደደችም፤ ያንኑ የረቡዕን ሁለት ቤት ለካሜራው አሳየች። የተጣለውን ሦስተኛውን ቤት በጣቷ አየር ላይ ሣለችው። አሥራ ስድስቱ ጠዋት ሄደ፤ ሠላሳ ሁለት ቀረ። «አሁን ሦስት ሩብ ይላል። ግን መጀመሪያ 'የምኑ?' ብሎ መጠየቅ አለብን። የሁሉም አይደለም፤ የቀረው ነው።» ቁራጩን አራት አጠፈች። ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ ሄዱ። ስምንት ቀረ። ስትጨርስ ድምፅዋ ድሮ እጇን የምታነሳ ጊዜ እንደነበረው ሆኗል።

«ዮአዳን፣ ያንን 'የምኑ?' የሚለውን ደግመሽ በይው» አለች ሚስ ድላሚኒ። «ከላፕቶፕ ጀርባ ለተቀመጡት አባቶችም እንዲሰማ። ደብዳቤያቸው ደርሶኛል።»

ክፍሉ ሳቀ። ባሌ አራት ጣቱን አንድ በአንድ አጠፈ።

ከሰዓት የዶክተሩ ድምፅ መጣ። ጥያቄው «የቋንቋ አሻሚነት» እንዳለበት፣ እሱም ቀድሞ እንደጠረጠረ፣ ትክክለኛው መልስ ስምንት መሆኑን አብራራ። ካፈርኩ አይመልሰኝ! አባቶች «እናመሰግናለን ዶክተር» አሉ። እንድርያስ ብቻ ምንም ሳይጽፍ ስልኩን አስቀመጠ። ይህን ለክብሩ እመዘግብለታለሁ፤ ብዙ የምመዘግብለት የለኝምና።

ዮአዳን መልመጃዋን ፎቶ አንስታ ለመላክ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አባቷ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። «ቀላል...» ብሎ ጀመረና ዋጠው።

እሷ የአባቷን −4 በላጲስ ፋቀች። ከሥሩ የረቡዕ ስምንቷ ወረቀቱ ላይ ሰርጉዶ ቀርቶ ነበር፤ ተጭና ጽፋው ስለነበር ጨርሶ አልጠፋም። እርሳሷን በዚያው ጉድጓድ ላይ አስኬደችና ስምንቷን መለሰችው። ከዚያ ላጲሱን አንስታ የአባቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

«ዳድ፣ ይሄ ካንተ ጋር ይሁን» አለችው። «እኔ አልፈልገውም።»