ሁለት ቆጣሪ ያለው ከበሮ

ቪብከ የመጣችው ቲልማን ሲዋሽ ዓይኑን ለማየት ነበር። በርሊን ውስጥ ሁለቱ አብረው በተከራዩት ምድር ቤት፣ ከበሩ አጠገብ ጥጓን ይዛ ተቀመጠች። ሙዚቃውን የሠራችው እሷ ናት፤ ማሽኖቹን ያገናኘችውም እሷ። ቲልማን ግን በራሱ ስም ብቻ ለአንዲት ሙዚቃ አሳታሚ ላከው፤ ለአንድ መጽሔትም «እያንዳንዱን ገመድ በእጄ ነው ያገናኘሁት» ብሎ ተናገረ። ዛሬ አሳታሚዋ ወይዘሮ ላንዴክ በጆሯቸው ሊሰሙ መጥተዋል።

ቲልማን ኮምፒውተሩን አስነሳ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ኮምፒውተሩ በአንድ ምት ሃያ አራት ጊዜ እየቆጠረ ምልክቱን ሚዲ በሚባለው የሙዚቃ መሣሪያዎች ገመድ ወደ ከበሮ ማሽኑ ይልካል፤ ከበሮ ማሽኑም ዜማውን ለሚያወጣው ኪቦርድ፣ ለሲንተሳይዘሩ፣ ያሳልፋል። ሲንተሳይዘሩ በልኩ ገባ። ከበሮው ግን ውሻ እንዳባረረው ሰው በእጥፍ ሮጠ።

«ይቅርታ፣ አንዴ!» አለ ቲልማን። የኮምፒውተሩን ፍጥነት ቀነሰው። ሁሉም አብሮ ቀነሰ፤ ከበሮው ግን ያው እጥፍ ነው። አጠፋ፣ አስነሳ። ያው።

ቪብከ ምክንያቱን ከተቀመጠችበት አየችው። ቲልማን ጠዋት ከበሮው ላይ አዲስ ድምፅ ሲጭን የሰካውን የዩኤስቢ ገመድ አልነቀለውም። ኮምፒውተሩ በሚዲውም በዩኤስቢውም ይቆጥራል፤ ከበሮውም ሁለቱንም ቆጠራ እየሰማ ይደምራል፤ ለሲንተሳይዘሩ የሚያሳልፈው ግን የሚዲውን ብቻ ነው። ልቧ ውስጥ አንድ ቀዝቃዛ ደስታ ተዘረጋ።

«ቪብከዬ፣ እስቲ ነይ እዪልኝ» አለ ቲልማን፣ በግድ እየሳቀ።

«እኔ? ገመዱን ሁሉ ያገናኘኸው አንተ አይደለህም እንዴ? መጽሔቱ ላይ አንብቤያለሁ።»

«ተይ እንጂ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?»

«አልቀለድኩም።»

ወይዘሮ ላንዴክ ካፖርታቸውን አነሡ። ቲልማን ግንባሩን ጠረገ። ወደ ቪብከ ጠጋ ብሎ «ምን ላድርግልሽ?» አላት በሹክሹክታ።

«ለእኔ አይደለም። ለእሳቸው ንገራቸው፤ ጮክ ብለህ።»

ቲልማን ወደ ወይዘሮ ላንዴክ ዞረ።

«እሷ ናት የሠራችው» አለ በመጨረሻ፣ ወለሉን እያየ።

«ምኑን?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ሁሉንም።»

ቪብከ ተነሣች። የዩኤስቢውን ገመድ ነቀለችና እንደገና አስጀመረች። ከበሮውና ሲንተሳይዘሩ አንድ ላይ ወደቁ፣ አንድ ላይ ተነሡ። ወይዘሮ ላንዴክ ካፖርታቸውን መልሰው አስቀመጡ፤ ወንበራቸውንም ወደ ቪብከ አዞሩ።

ቲልማን ፊቱ ፈካ፤ እንደ ዱሮው አጠገቧ ቆሞ እጁን ወደ ሲንተሳይዘሩ ቁልፍ ዘረጋ።

«አትንካ» አለችው።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እሱ ግን እጁን ሰበሰበ፤ ሙዚቃው እስኪያልቅም የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ።