እንደርሳለን

ትርፌ የሆስፒታሉን የማምከኛ ክፍል በኃላፊነት ከያዘች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ከቀዶ ጥገና ክፍል የሚመጣውን መሣሪያና ጨርቅ አሳጥባ፣ ጥቅል በጥቅል አስራ፣ ኦቶክሌቭ በሚሉት የእንፋሎት ማሽን አምክና ትመልሳለች። በዚያ ሳምንት ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጥተው እንቅርት በነጻ ያወጣሉ ተብሎ በሬዲዮ ስለተነገረ፣ የሶዶ ሰው ብቻ ሳይሆን የገሱባውም የቦምቤውም ሰው የሆስፒታሉን ግቢ ሞልቶታል።

ሐሙስ ጠዋት ከሁለቱ ማሽኖች የአንዱ የበር ጎማ ተቀደደ። እንፋሎቱ በጎን እየሾለከ ግፊቱ አልወጣ አለ። ጠጋኙ በስልክ፣ «ከሰዓት በኋላ ብቅ እላለሁ» አለ። ትርፌና ረዳቷ ሶርሳ በቀረችው አንድ ማሽን ሥራ ቀጠሉ።

ሶርሳ ለምሳ ሲወጣ ትርፌ ብቻዋን መደርደሪያው ፊት ቆመች። ገና ያልመከኑትን ጥቅሎች ዓይኗ ቆጠራቸው። ስድስት ጭነት ይሆናሉ። አንዱ ጭነት ማሞቁ፣ ማምከኑ፣ ማድረቁ፣ ማቀዝቀዙ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ቢሠሩ ሦስት ጭነት ያወጣሉ። ማታ ማምሸትም የለም፤ መስመር ስለሚጠገን መብራት እንደሚጠፋ ተነግሯል፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ ኦቶክሌቭ አይችልም። ሂሳቡ ማንም የሚሳሳተው ዓይነት አልነበረም። ለዓርብ ከሚያስፈልገው ግማሹ አይደርስም።

ማድረግ ያለባትንም ታውቃለች። ደረጃውን ወጥታ ለሲስተር የማርያምወርቅ መንገር ነው። ሲስተር የቀዶ ጥገና ክፍሉ ኃላፊ ናት። ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። አሁን ከሰማች ከከተማው ማዶ ያለው ሌላው ሆስፒታል ማሽኑን ያውሳል፤ ጥቅሎቹን የሚያደርሰው ሾፌሩ ጌታሁንም መኪናውን ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ትርፌ እስከ ደረጃው ሄደች። አንድ እግሯን አሳርፋ ቆመች።

ከፋሲካ በፊት እንዲሁ «አንደርስም» ብላ ነበር። ያኔ ሐኪሞቹ ተራ ቀነሱ፣ መኪና ተላከ፣ በኋላ ግን ሥራው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። ከሐኪሞቹ አንዱ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ትርፌ ደመና ስታይ ጎርፍ መጣ ትላለች» ብሎ አሳቀባት። ሳቁ አሁንም ጆሮዋ ውስጥ አለ። ደግሞ ዛሬ ጠዋት በስብሰባው ላይ፣ እንግዶቹ ሐኪሞች ባሉበት፣ «በእኛ በኩል ችግር የለም» ያለችው ራሷ ናት። ጠጋኙ እኮ ይመጣል። ከመጣ ሁለቱም ማሽን ይሠራል። አሁን ሰው ማስደንገጥ ለምን?

እግሯን ከደረጃው አንስታ ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ ሲስተር ራሷ ደወለች።

«ትርፌ፣ እንዴት ነው? ለነገ ትደርሳላችሁ?»

«እንደርሳለን ሲስተር።»

«እርግጠኛ ነሽ? ጌታሁንን ወደ አረካ ልልከው ነው፤ መድኃኒት አለ የሚያመጣው። የምትፈልጊው ከሆነ ላቆየው?»

ትርፌ መደርደሪያውን አየች። እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተመቸ ሰዓት አይገኝም ነበር። «ኧረ ይሂድ» አለች።

ስልኩን ስትዘጋ ሶርሳ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እሱም መደርደሪያውን አየ፣ እሷን አየ። በወላይትኛ፣ «እህቴ፣ በምን ልንደርስ ነው?» አላት።

«ጠጋኙ ይመጣል።»

ጠጋኙ አልመጣም። ሲደውሉለት ጎማው ሶዶ ላይ እንዳጣ፣ ከሐዋሳ እንዳዘዘ ነገራቸው። ትርፌ ያኔ እንኳ ደረጃውን መውጣት ትችል ነበር። ግን አሁን የምትናገረው ሁለት ነገር ሆነባት፤ ሥራው እንደማይደርስ ብቻ ሳይሆን ቀትር ላይ እንደዋሸችም። ስለዚህ አንድ ጭነት ውስጥ የሁለት ጭነት ጥቅል አጨቀች። ሶርሳ፣ «እንፋሎቱ በምን ይገባል?» ቢላት፣ «ያዝ ዝም ብለህ» ብላ ቆጣችው። የማድረቂያውንም ጊዜ ቆረጠች።

በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊቷን ገረፋት። የላይኛውን ጥቅል ብታነሳ ከሥሩ ውሃ ተንጠባጠበ። ሁለተኛውም እርጥብ ነው። መሐል ላይ የተጨናነቁት እንደ ታጠበ ልብስ ይጨመቃሉ።

«ቴፑ ቀለሙን ቀይሯል» አለ ሶርሳ ቀስ ብሎ። በየጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ቴፕ እንፋሎት ሲነካው ይጠቁራል። «ሌላ ሰው ምኑን ያውቃል? እስከ ጠዋት ይደርቃል።»

ትርፌ አንድ አፍታ ዝም አለች። በኋላ ስታስበው ከሁሉ የበለጠ ያሳፈራት ይኸው ዝምታዋ ነበር። ቴፑ የሚናገረው ጥቅሉ እንፋሎት ማግኘቱን ብቻ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጀርም ሰርጎ ይገባል፤ እርጥብ ጥቅል እንዳልመከነ ነው የሚቆጠረው፣ ይህንን ለሶርሳ ያስተማረችው ደግሞ እሷው ናት።

«ፍታው» አለችው። «ሁሉንም ፍታው፤ እንደ አዲስ ይታሰራል።»

ከዚያ ደረጃውን ወጣች።

ሲስተር የማርያምወርቅ ከእንግዶቹ ሐኪሞች ጋር የነገውን ተራ እያየች ነበር። ትርፌ በር ላይ ቆማ ተናገረች። ከሃያው ታካሚ ለስምንቱ ብቻ የሚበቃ ጥቅል እንዳለ፣ የቀረው እርጥብ እንደወጣ፣ የሚሠራው ማሽን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ብቻ እንደነበር። ሲስተር ስልኳን አንስታ ሌላው ሆስፒታል ደወለች። የማምከኛው ሠራተኞች ወጥተዋል ተባለች። ጌታሁንም ገና አረካ ነው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለቻት ስልኩን አስቀምጣ።

«ምሳ ሰዓት ላይ።»

«ስደውልልሽ ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ ሲስተር።»

ሲስተር አልተቆጣችም። ብትጮህባት ይቀላት ነበር። «ያኔ ብትነግሪኝ ስህተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ የምናጣው አንድ የመኪና ምልልስ ነበር» አለችና ወደ ወረቀቱ ዞረች። የሚቀሩትን ስም መሰረዝ ጀመረች። እንግዳው ሐኪም ብዕሩን እያሽከረከረ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ዓርብ የመጨረሻ ቀናቸው ነው።

«ለታካሚዎቹ እኔ ልንገራቸው» አለች ትርፌ።

ሴቶቹ ክፍል ስትገባ አልጋዎቹ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠዋል። ከገሱባ የመጡት ወይዘሮ ትዕዛዝ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል፤ እንቅርታቸውን ሰው እንዳያይ ለዓመታት እንዲሁ ሸፍነውት ኖረዋል። ለጉዞው ባላቸው ፍየል ሸጠዋል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎችም እየዘመሩ እስከ መኪናው ሸኝተዋቸዋል። ይህን ሁሉ ለትርፌ የነገሯት እሷ ከሰላምታ አልፋ የመጣችበትን ሳትናገር ነው፣ ወላይትኛ የሚናገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ስላገኙ ደስ ብሏቸው።

«እናቴ፣ ነገ አይሆንም» አለቻቸው። «ዕቃው አልደረሰም። ሐኪሞቹ ሲመለሱ ትጠራላችሁ።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«አልታወቀም።»

ወይዘሮ ትዕዛዝ ነጠላቸውን አጠበቁ። «ዕቃው ከሩቅ ነው የሚመጣው?»

ትርፌ «እዚሁ ነው፣ እኔ ነኝ ያላደረስኩት» ልትል ፈለገች። ግን «ማሽን ተበላሽቶ ነው» አለች። ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

ሴትዮዋ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጄ! ሌላው እኮ መጥቶ አይነግረንም፤ ዝም ብሎ ነው የሚያስወጣን። መጥተሽ በቋንቋችን ነገርሽን። እግዚአብሔር ይባርክሽ።» አብራቸው አልጋው ላይ የተቀመጠችውም ሴት «አሜን» አለች።

ትርፌ እጇን ለማስለቀቅ አልደፈረችም። እስኪለቋት ድረስ እንደቆመች አንገቷን አቀርቅራ ምርቃቱን ተቀበለች።

ዓርብ ስምንቱ ታካሚዎች ቀዶ ጥገናቸውን አገኙ። ሐኪሞቹ በረራቸውን ለቅዳሜ ከሰዓት አዛውረው ዓርብ ቀን በመከነው ጥቅል ቅዳሜ ጠዋት ለአራት ሰዎች ተጨማሪ ሠሩ። ወይዘሮ ትዕዛዝ ግን ዓርብ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወደ ገሱባ ሄደው ነበር። በሰጡት ስልክ ሶርሳ ደጋግሞ ደወለ፤ አልተነሳም። ሲስተር የማርያምወርቅ ለትርፌ ማስጠንቀቂያ አልጻፈችባትም። ሰኞ በስብሰባው ላይ ማንም አልሳቀም፤ ስለ ጉዳዩም ማንም አላነሳም። ትርፌ ግን ጥጉ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ሰው ስሟን ጠርቶ ምን እንደሠራች ቢናገርባት እየተመኘች፣ ስብሰባው እስኪያልቅ ከወለሉ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።